ረጅም ፒዲኤፍ በስልክ ማታ ማታ ለማንበብ፦ ፊደሉ የማያንስበት፣ ሃይላይቱም የማይጠፋበት መተግበሪያ የትኛው ነው?

ብራና (ጥያቄውን ያቀረበ)

ሰላም ለሁላችሁ። 340 ገጽ ያለውና በኤ4 መጠን የተዘጋጀ አንድ የጥናት ጽሑፍ በስልኬ እያነበብኩ ነው። የስልኬ ስክሪን 6.1 ኢንች ሲሆን፣ ቀን ቀን ጊዜ ስለማላገኝ ንባቤ ሁሉ የሚካሄደው ማታ፣ የክፍሉን መብራት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሦስት ነገሮች አስቸግረውኛል። አንደኛ፣ ፊደሉ በጣም ስለሚያንስ ሳጎላው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣና እያንዳንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ይኖርብኛል። ሁለተኛ፣ ናይት ሞድ ስከፍት ጽሑፉ ነጭ በጥቁር ሆኖ ጥሩ ቢታይም ፎቶግራፎቹ እንደ ፊልም ኔጌቲቭ ይገለበጣሉ። ሦስተኛውና ያናደደኝ ግን ሃይላይቱ ነው፤ ባለፈው ወር ስልክ ቀይሬ ፋይሉን ወደ አዲሱ ስገለብጥ፣ ለሦስት ሳምንት ያቀለምኳቸው መስመሮች አንዳቸውም አብረው አልመጡም።

ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚፈታ መተግበሪያ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ገጸ ንባብ

ወንድሜ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ በካሊበር ወደ ኢፐብ ይለውጡትና በየትኛውም የኢፐብ ማንበቢያ ይክፈቱት። ኢፐብ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሱን ስለሚያስተካክል የፊደሉን መጠን እንደፈለጉ ማሳደግ ይችላሉ፤ ፎቶግራፍም አይገለበጥም። ናይት ሞድን በተመለከተ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ጥቁሩን ይምረጡ፤ ለዓይን የሚሻለውም ባትሪ የሚቆጥበውም እርሱ ነው።

አምደኛ

ገጸ ንባብ ስለ ኢፐብ ባሕርይ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከፒዲኤፍ ወደ ኢፐብ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ፒዲኤፍ ውስጥ «ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው» የሚል መረጃ ብዙ ጊዜ የለም፤ ያለው እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዋጩ አንቀጽ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ይገምታል። ልብ ወለድ ሲሆን ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳካል። የጥናት ጽሑፍ ሲሆን ግን በየገጹ አናት ላይ ያለው የምዕራፍ ርእስ በዐረፍተ ነገር መካከል ይገባል፣ የግርጌ ማስታወሻው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላል፣ ሰንጠረዡም ወደ ተበታተነ ቁጥር ይለወጣል። የካሊበር አዘጋጆች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ፒዲኤፍን ለመለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት መካከል አስቀምጠውታል። ከዚህም ሌላ፣ ከተለወጠ በኋላ የገጽ ቁጥሩ ስለሚጠፋ ከጽሑፉ ጠቅሶ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ጉዳት ነው።

ብራና፣ መተግበሪያ ከመምረጥዎ በፊት ስፋቱን በሚሊሜትር እንለካው፤ ግማሹ ችግር እዚያ ላይ ይታያል። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በየጎኑ 25 ሚሊሜትር ህዳግ ቢኖረው ለጽሑፉ የሚቀረው 160 ሚሊሜትር ነው። የ6.1 ኢንች ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ የስክሪኑ ስፋት ወደ 65 ሚሊሜትር ይጠጋል። ሙሉ ገጹን በዚያ ስፋት ላይ ሲያሳዩት በ11 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ወደ 3.4 ነጥብ ይወርዳል፤ ይህ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ከሚገኘው ጽሑፍ ያነሰ ነው። ህዳጉን ብቻ ቢቆርጡት 4.5 ይደርሳል፤ አሁንም አይነበብም። ህዳጉን ቆርጠው ስልኩን አግድም ቢይዙት ግን 140 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያገኛሉ፤ ፊደሉም ወደ 9.6 ነጥብ ከፍ ይላል። ይህ ከታተመ መጽሐፍ ብዙም አያንስም። የሚከፍሉት ዋጋ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ወደ ጎን መጎተት ግን ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ጽሑፉ በሁለት ዓምድ የተዘጋጀ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። አንዱ ዓምድ 77 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ስልኩን ቀጥ አድርገው አንድ ዓምድ ብቻ ስክሪኑን እንዲሞላ ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ይንገሩን፦ የእርስዎ ባለ አንድ ዓምድ ነው ወይስ ባለ ሁለት?

ጆሮ ገብ

እኔ ረጅም ጽሑፍ በስልክ ማንበብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። መተግበሪያው ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርግና ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ከዚህ የተሻለ የሌሊት ንባብ የለም።

ብራና

ጆሮ ገብ፣ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እያቀለምኩ ማንበብ ስላለብኝ ማዳመጡ ለዚህ ሥራ አይሆነኝም።

አምደኛ፣ ጽሑፉ ባለ አንድ ዓምድ ነው። ያሉትን ዛሬ ማታ በ Librera ሞክሬዋለሁ። ስልኩን አግድም ይዤ ህዳግ መቁረጫውን ስከፍት ልዩነቱ አስገርሞኛል፤ ያለ ጉተታ አርባ ገጽ አነበብኩ። ሁለት እንከኖች ግን ገጥመውኛል። የመጀመሪያው፣ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ጽሑፉ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያም ትንሽ ወደ ቀኝ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው፣ ሰንጠረዥ ብቻ ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ፊደሉ በድንገት ይገዝፋል።

አምደኛ

ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። በራሱ የሚሠራው ህዳግ መቁረጫ እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ይመለከትና ቀለም ያረፈበትን ቦታ ብቻ ያስቀራል። ለኅትመት የተዘጋጀ ጽሑፍ ደግሞ ለጥረዛ ሲባል በሙሉና በጎዶሎ ቁጥር ገጾች ላይ የውስጥ ህዳጉን ያሰፋል፤ የገጽ ቁጥሩም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይቀመጣል። መቁረጫው የገጽ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ሲቆጥረው መንቀጥቀጡ ይፈጠራል። ጠባብ ሰንጠረዥ ብቻ ያለበትን ገጽ ደግሞ እስከ ሰንጠረዡ ጫፍ ቆርጦ ስክሪኑን እንዲሞላ ስለሚወጥረው ፊደሉ ይገዝፋል።

መፍትሔው በእጅ የሚደረግ ቁረጣ ነው። ሳጥኑን አንድ ጊዜ በመደበኛ ገጽ ላይ ይሥሩትና ለሁሉም ገጾች እንዲሠራ ያድርጉት፤ መተግበሪያው ለሙሉና ለጎዶሎ ገጾች የተለያየ ሳጥን የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ይሥሩ፣ የማይፈቅድ ከሆነ ሁለቱንም የሚይዝ ትንሽ ሰፋ ያለ አንድ ሳጥን ይበቃል። አምስት ሚሊሜትር ቢባክን ፊደሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይታይም።

ወይን ጠጅ

ስለ ሙሉ ጥቁር የተባለውን ልቃወም። እኔ አስቲግማቲዝም አለብኝ። ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ሳነብ ከእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚፈስ ይመስለኛል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስመሮቹ ይደራረቡብኛል። የዓይን ባለሙያዬ እንዳስረዳችኝ፣ ገጹ ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ብሌኑ በሰፋ ቁጥር ደግሞ የዓይኑ ጉድለት የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ጥቁር ፊደል በደብዛዛ ቡናማ ገጽ ላይ ነው፤ የስክሪኑን ብርሃን ደግሞ የሚቻለውን ያህል ዝቅ አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ ሙሉ ጥቁር ይሻለዋል ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ገጸ ንባብ

ስለ ዓይን ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔ መነጽር ስለማላደርግ አስቤው አላውቅም። የባትሪው ነገር ግን እውነት ነው።

አምደኛ

የባትሪው ነገር እውነት የሚሆነው ስክሪኑ ኦሌድ ሲሆን ነው። በኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ነው። በኤልሲዲ ግን ከኋላ ያለው መብራት ገጹ ጥቁርም ይሁን ነጭ እንደበራ ነው፤ ስለዚህ ቁጠባው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለመለየት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ጥቁር ምስል ይክፈቱ፤ ስክሪኑ ግራጫማ ብርሃን ካሳየ ኤልሲዲ ነው። ኦሌድ ላለው ሰውም ሙሉ ጥቁር አንድ እንከን አለው፦ ጽሑፉን ወደ ላይ ሲያንቀሳቅሱ ጠፍተው የነበሩት ነጥቦች ለመብራት ስለሚዘገዩ ፊደሉ ጥላ ይጎትታል። በጣም ጥቁር ግራጫ ሲመርጡ ይህ ይቀንሳል።

ወደ ብራና የፎቶግራፍ ጥያቄ ስመለስ፣ ኢፐብ ሲሆን መተግበሪያው ፊደሉንና ገጹን ለይቶ ስለሚያውቅ ቀለማቸውን ብቻ ይለውጣል። ፒዲኤፍ ሲሆን ግን አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ገጹን እንደ አንድ ሥዕል ሠርተው ሥዕሉን በሙሉ ይገለብጡታል፤ ፎቶግራፉ አብሮ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ መዘዝ አለ። ቢጫ ሃይላይት ሲገለበጥ ሰማያዊ ይሆናል፣ አረንጓዴው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ለትርጓሜ ቢጫ፣ ለጥርጣሬ አረንጓዴ ብለው የሚያቀልሙ ከሆነ ማታ የመረጡት ቀለም ቀን ሲከፍቱት ሌላ ሆኖ ይጠብቅዎታል። በአንዳንድ መተግበሪያዎች ደግሞ ገጹ ብቻ ይገለበጥና ሃይላይቱ እንደ ግልጽ ቀለም ከላዩ ላይ ይፈሳል፤ በጥቁር ላይ የፈሰሰ ቀለም ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር ሃይላይቱ ፈጽሞ አይታይም። አልተቀመጠም ብለው ደግመው ከማቅለምዎ በፊት ናይት ሞዱን አጥፍተው ይመልከቱ።

ፎቶግራፍ ለሚበዛበት ጽሑፍ እንደ ወይን ጠጅ ቡናማውን ገጽ ብመርጥ ይሻለኛል፤ ምንም ስለማይገለበጥ ሃይላይቱም ፎቶግራፉም በቦታቸው ይቆያሉ።

ብራና

ስክሪኔ ኦሌድ ነው፤ ፈትሼዋለሁ። የሃይላይቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ፋይሉን ገልብጬ ሳለ ለምን አብሮ አልመጣም?

አምደኛ

ፋይሉ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ፒዲኤፍ ሃይላይትን በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥበት መደበኛ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ የተጻፈ ሃይላይት በየትኛውም ጨዋ መተግበሪያ ሲከፈት ይታያል። Xodo እንደዚህ ይሠራል። ሌሎች መተግበሪያዎች ግን ፋይሉን ሳይነኩ «በዚህ ፋይል፣ በዚህ ገጽ፣ በዚህ ቦታ» የሚል መዝገብ በራሳቸው የውስጥ ማከማቻ ውስጥ ይይዛሉ። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ዋናው ፋይልም አይበላሽም። ነገር ግን መተግበሪያውን ሲያራግፉ ወይም ስልክ ሲቀይሩ መዝገቡ እዚያው ይቀራል። KOReader ደግሞ መካከለኛውን ይዟል፦ በተለመደው አሠራሩ ከመጽሐፉ ጎን `.sdr` የሚል ቅጥያ ያለው አቃፊ ይፈጥርና ሃይላይቱን እዚያ ያኖራል፤ ከፈለጉ ፒዲኤፉ ውስጥ እንዲጽፍ ማድረግም ይቻላል። አቃፊውን ከመጽሐፉ ጋር የገለበጠ ሰው ምንም አያጣም፤ መጽሐፉን ብቻ የገለበጠ ግን ያጣል።

የሚጠቀሙት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቃል ያቅልሙ፣ መተግበሪያውን ይዝጉ፣ ከዚያም ያንኑ ፋይል በሌላ መተግበሪያ ይክፈቱት። ቀለሙ ከታየ ፋይሉ ውስጥ ነው። ረጅም ንባብ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስደው ይህን ማድረግ ከሦስት ሳምንት ድካም ያድናል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፋይሉን ከመልእክት መተግበሪያ ውስጥ በቀጥታ ከከፈቱት ማንበቢያው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ወይም ጊዜያዊ የሆነ ቅጂ ነው። ሃይላይቱ ወይ አይጻፍም፣ ወይም ስልኩ ቆይቶ በሚያጸዳው ቅጂ ላይ ይጻፋል። በመጀመሪያ ፋይሉን ወደ ራስዎ አቃፊ ያውርዱና ከዚያ ይክፈቱት።

የድሮ ፊደል

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ይቅርታ፣ ክሩን እንዳላጣምመው እሰጋለሁ። የማነባቸው በአማርኛ የተዘጋጁ የቆዩ ፒዲኤፎች ናቸው። በስክሪኑ ላይ ፊደሉ በትክክል ይታያል። ነገር ግን ጽሑፉን ከስክሪኑ ስፋት ጋር የሚያስተካክለውን ሪፍሎው ስከፍት ሁሉም ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይለወጣል። ሃይላይት አድርጌ ማስታወሻውን ወደ ሌላ ቦታ ስልከውም እንዲሁ ነው፤ ቃል ብፈልግም አይገኝም። መተግበሪያ ከመተግበሪያ ስቀያይር አምስተኛዬ ነው።

አምደኛ

አልጣመመም፤ ከብራና ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነው። ችግሩ ከመተግበሪያው አይደለም። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ጽሑፎች የሚዘጋጁት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግእዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ የፊደል ፎንቶች ነበር። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው «ለ» አስመስሎ የሚያሳየው። ጽሑፉን አውጥቶ እንደገና የሚደረድር ሪፍሎው ፎንቱን ሲጥለው የሚቀረው የላቲኑ ኮድ ነው።

ሁለት መንገዶች አሉ። ለማንበብ ብቻ ከሆነ የ KOReader ሪፍሎው ይሠራል፤ ምክንያቱም ጽሑፉን አያወጣም፣ የገጹን ሥዕል በቃል ቃል ቆራርጦ በጠባቡ ስክሪን ላይ እንደገና ይደረድረዋል። ለእርሱ ፊደሉ ምንም ይሁን ሥዕል ነው፤ በስካነር የተነሣ ገጽም ቢሆን ይቀበላል። ሰንጠረዥና ቀመር ግን ይበታትናል፤ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይም ገጽ ለመግለጥ ይዘገያል።

የሚፈለግና ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ሃይላይት ከፈለጉ ግን ፋይሉ ራሱ መታከም አለበት። ኮምፒውተር ላይ የገጹን ሥዕል አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ኦሲአር ኤምዋይ ፒዲኤፍና እርሱ ለሚጠቀምበት ቴሰራክት የተዘጋጀው የአማርኛ ጥቅል ከተጫኑ ይህ ይበቃል፦

```
ocrmypdf -l amh --force-ocr old.pdf new.pdf
```

`--force-ocr` የተጨመረው በእርስዎ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ አስቀድሞ ስላለ ነው፤ ያለ እርሱ ትእዛዙ «ይህ ገጽ ጽሑፍ አለው» ብሎ ይቆማል። እርሱ ሲኖር ገጾቹን ወደ ሥዕል ቀይሮ የተበላሸውን ጽሑፍ በአዲስ ይተካዋል። ጉዳቱ ፋይሉ መግዘፉ ነው። ደግሞም ንባቡ ፍጹም አይደለም፤ «ጸ»ና «ጰ»ን፣ «ሰ»ና «ስ»ን የመሳሰሉ ተቀራራቢ ቅርጾችን እንደሚያሳስት ይጠብቁ። ለማቅለም ግን ቃሉ በትክክል ባይነበብ እንኳ ቦታው ትክክል ስለሆነ ቀለሙ በተገቢው መስመር ላይ ያርፋል።

የድሮ ፊደል

አንዱን ሞከርኩ። ከ12 ሜጋባይት ወደ 70 ገባ፤ ፍለጋው ግን ሠራ። «ኀይል» ስፈልግ «ኅይል» ብሎ ያነበበበት ቦታ ስላለ ሁለቱንም መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። ይህን ያህልም አልጠበቅሁም ነበር።

ወይን ጠጅ

ለኢፐብ አንባቢዎችስ? እኔ አብዛኛው መጽሐፌ ኢፐብ ነው። የአምደኛን ሙከራ አድርጌ ሃይላይቴ በሌላ መተግበሪያ አይታይም።

አምደኛ

ኢፐብ ላይ ያለው ነገር የከፋ ነው። የማውቃቸው ማንበቢያዎች ኢፐቡን አይነኩም፤ ሁሉም የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ፣ መዝገቦቹም እርስ በርስ አይግባቡም። መጽሐፉን በታረመ እትም ቢተኩት እንኳ ቦታው ተዛብቶ ቀለሙ ሌላ ዐረፍተ ነገር ላይ ሊያርፍ ይችላል። እኔ የማደርገው ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ሃይላይቶቹን ወደ ተራ ጽሑፍ መላክ ነው። ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ቀለሙን እንደነበረ የሚያሻግር መንገድ ግን አላገኘሁም።

ገጸ ንባብ

እኔ ሁልጊዜ በአንድ መተግበሪያ ስለምጸና አልተቸገርኩም። በየጊዜው ምትኬውን ወደ ደመና እልካለሁ።

ወይን ጠጅ

መተግበሪያው መሻሻል ሲያቆም ግን ምትኬው ምን ይጠቅማል? ሌላው ሊከፍተው አይችልም።

ብራና

እስካሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ። አሮጌው ስልክ አሁንም ስለሚበራ መተግበሪያውን ከፍቼ በምናሌው ውስጥ ማስታወሻዎችን ወደ ውጭ የሚልክ ነገር አገኘሁ። 187 ሃይላይቶች ከነገጽ ቁጥራቸው በተራ ጽሑፍ ወጡልኝ። ቀለማቸው የለም፤ የትኛው ጥርጣሬ፣ የትኛው ትርጓሜ እንደነበረ አላውቅም። ፋይሉን በ Xodo ከፍቼ በዝርዝሩ እየተመራሁ እንደገና እያቀለምኩ ነው፤ በሁለት ምሽት ገጽ 96 ደርሻለሁ። ስንቱን ለምን እንዳቀለምኩት ስለማላስታውስ ብዙዎቹን ትቻቸዋለሁ፤ ይህ ምናልባት ኪሳራ ላይሆን ይችላል።

ለንባብ ግን Librera ላይ አግድም መያዙን ቀጥያለሁ፤ በእጅ የሠራሁት የቁረጣ ሳጥን መንቀጥቀጡን አስቁሞታል። ስለዚህ በአንዱ እያነበብኩ በሌላው አቀልማለሁ፤ ይህ ደግሞ ገጹን ሁለት ጊዜ መፈለግ ማለት ነው። በእጅ የሚሠራ የቁረጣ ሳጥንም፣ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ ሃይላይትም፣ ቀለም የማይገለብጥ የሌሊት ገጽም በአንድ ላይ ያለው የትኛው ነው?

አምደኛ

ከማውቃቸው የሚቀርበው KOReader ነው፤ ሃይላይቱን ፒዲኤፉ ውስጥ እንዲጽፍ ማድረጉን አይርሱ። የሌሊት ገጹ ግን ይገለብጣል፤ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ማጥፋት ይኖርብዎታል። ምናሌው ለስልክ ሳይሆን ለኢ-ኢንክ መሣሪያ የታሰበ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስቸግራሉ።

ብራና

ዛሬ ማታ ከገጽ 97 በእርሱ እጀምራለሁ። አንድ ቃል አቅልሜ በሌላ መተግበሪያ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ማለቴ ነው።